ትንፋሽና የአፍ ጠቅታን ከትረካ ቅጂ ላይ ማጽዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ትረካ እቀዳለሁ፣ ኤዲትም አደርጋለሁ። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከኮምቦልቻም ከወልድያም ሥራውን የጀመሩ ልጆች ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ “ትንፋሹን አጠፋሁት፣ ድምጹ ግን የሰው አልመስል አለ።” መልሶቹን አንድ ቦታ ለማስቀመጥ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ምሳሌ የማደርገው ራሴ ያበላሸሁትንና እንደገና የሠራሁትን አንድ የሦስት ደቂቃ ትረካ ነው። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚናገር ነበር፤ ያነበቡልኝ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው።

ትንፋሹን በሙሉ ቆርጬ ባወጣው ምን ችግር አለው?

ሁለት ችግር አለው። አንደኛው ጉድጓድ ነው። የትኛውም ክፍል የራሱ የሆነ ዝቅተኛ ድምጽ አለው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ፣ ከሩቅ የሚሰማ መንገድ፣ የግድግዳው ነጸብራቅ ሁሉ ተደባልቆ ከቃላቱ ሥር ይተኛል። ትንፋሹን በባዶ ጸጥታ ስትተኩት ያ ድምጽ ድንገት ይጠፋል፣ ቃሉ ሲጀምር ደግሞ ድንገት ይመለሳል። አድማጩ ምን እንደሆነ ባያውቅም ጆሮውን ይጎረብጠዋል። በሄድፎን ሲሆን ይብሳል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ትንፋሽ ቦታ ይይዛል። አንድ ዓረፍተ ነገር አልቆ ሌላው ሲጀምር ተራኪው ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ያህል አየር ይስባል። ያንን ቆርጣችሁ ግራና ቀኙን ብታገጣጥሙት ዓረፍተ ነገሮቹ ይተፋፈጋሉ። ሰውየው ሳይተነፍስ ሦስት ደቂቃ ያወራ ይመስላል። የሚሰማውም ሰው ሳያውቀው አብሮ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ስለዚህ እኔ የምለው አጭር ነው። ትንፋሽን አታጥፉት፣ ዝቅ አድርጉት። ርዝመቱን አትንኩት።

በምን ያህል ዝቅ ላድርገው?

አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል። እኔ ከ8 ወይም ከ9 እጀምራለሁ። ከ15 ሲያልፍ ትንፋሹ ከክፍሉ ድምጽ ጋር ይቀላቀልና እንደ ጠፋ ይቆጠራል። አብሮ የክፍሉም ድምጽ ይወርዳል፤ ያ ጉድጓድ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ኦዳሲቲ በሚባለው የድምጽ ኤዲት ማድረጊያ ፕሮግራም ላይ የማደርገው እንዲህ ነው። ትንፋሹ እስኪታይ ድረስ ሞገዱን አጎላለሁ። ትንፋሽ እንደ ላባ ሳሳ ያለ እብጠት ሆኖ ይታያል፤ ቀስ ብሎ ይነሳና ከቃሉ በፊት ይወርዳል። ምርጫዬን ከእብጠቱ መሃል አልጀምርም። ከመነሻው ቀደም ብሎ ካለው ጸጥታ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ጸጥታ ድረስ እይዛለሁ። `Z` ስጫን የምርጫው ጠርዝ ሞገዱ ዜሮን ወደሚያቋርጥበት ነጥብ ይሄዳል፤ ስለዚህ በራሴ እጅ አዲስ ጠቅታ አልፈጥርም። ከዚያ `Amplify` ከፍቼ -9 እጽፋለሁ። አለቀ።

ትንፋሹን ከመሃል የጀመረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ። ግማሹ ከፍ ያለ፣ ግማሹ ዝቅ ያለ ትንፋሽ ይወጣል፤ የደነገጠ ሰው ድምጽ ይመስላል። ወይ ሙሉውን ዝቅ አድርጉ፣ ወይ ሙሉውን ተዉት።

ሁሉም ትንፋሽ ግን እኩል አይወርድም። በአንቀጽ መጀመሪያ ላይ ያለውን ረጅም ትንፋሽ እኔ 6 ብቻ እቀንሰዋለሁ፤ አድማጩ እዚያ ቦታ ላይ ይጠብቀዋል። በዓረፍተ ነገር መሃል ሰረቅ ተደርጎ የተወሰደውን ፈጣን ትንፋሽ 10 ወይም 12 እቀንሰዋለሁ፤ ጆሮ የሚቆረቁረው እሱ ነው። ሐዘን ያለበት ወይም የግል ታሪክ የሚነገርበት ትረካ ከሆነ ደግሞ አንዳንዱን ጭራሽ አልነካውም።

ትንፋሹን ዝቅ አድርጌ ጨርሼ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ተመልሶ ጎላ። ለምን?

ኮምፕሬሰር አስገብታችኋል፤ ከተወሰነ መስመር በላይ ከፍ ያለውን ድምጽ ወደ ታች የሚጫነውን ማለት ነው። ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። የተራኪው ድምጽ ጫፉ -6 ዴሲቤል ላይ ነው እንበል። ትንፋሹ -28 ላይ ነው። በመካከላቸው 22 ዴሲቤል ልዩነት አለ። ኮምፕሬሰሩን ከ-18 በላይ ያለውን በ3 ለ1 እንዲጫን አድርጋችሁታል። የድምጹ ጫፍ ከመስመሩ በ12 ይበልጥ ነበር፣ አሁን በ4 ብቻ ይበልጣል። ማለትም ወደ -14 ወረደ። የወረደውን 8 ዴሲቤል ለመመለስ ሁሉንም በ8 ከፍ ታደርጋላችሁ። ድምጹ ወደ -6 ይመለሳል። ትንፋሹ ግን ከ-18 በታች ስለነበረ ኮምፕሬሰሩ አልነካውም። እሱም በ8 ከፍ ይልና -20 ላይ ይቀመጣል። ልዩነቱ ከ22 ወደ 14 ጠበበ። ያለቀጂው ጥፋት ትንፋሹ ጎልቶ ወጣ።

መፍትሔው ትንፋሹን ከኮምፕሬሰሩ በፊት ዝቅ ማድረግ ነው። ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የምትወስኑት ግን ኮምፕሬሰሩ ካለፈ በኋላ ባለው ድምጽ ነው። እኔ መጀመሪያ ከቅጂው 20 ሰከንድ ገልብጬ ኮምፕሬሰር አስገብቼ እሰማለሁ። እዚያ ላይ የሚያውከኝ ትንፋሽ ስንት ቢቀንስ እንደሚበቃ አይቼ ወደ ዋናው ቅጂ እመለሳለሁ።

ኖይዝ ጌት ቢሠራው አይቀልም?

ይቀላል። የሐይቁን ትረካ ያበላሸሁት በሱ ነው።

ሥራው በማግስቱ ይፈለግ ነበር። ጌቱን ትንፋሽ ጫፉ በሚደርስበት ከፍታ ላይ አስቀምጬ በሙሉ ፋይሉ ላይ ለቀቅኩት። ሞገዱን ሳየው ደስ ይል ነበር፤ በቃላቱ መካከል ንጹሕ መስመር ብቻ። ላኩት። መምህሩ ማታውኑ ደወሉ።

“ልጄ፣ እኔ ‘አይቅ’ ብያለሁ እንዴ?”

“ኧረ አላሉም ጋሼ። ምን ሆነ?”

“አድምጠው። ሁለት ቦታ ላይ ‘አይቅ እስጢፋኖስ’ ይላል። ይሄን የሰማ ተማሪ ምን ይለኛል?”

ልክ ነበሩ። የሐይቅ ሐ ተበልታለች። “አብሽሩ ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ነገ አስተካክለዋለሁ” አልኳቸውና ሌሊቱን ቁጭ አልኩ።

የሆነው ይህ ነው። ጌት የሚያውቀው ከፍታን ብቻ ነው። ከተወሰነ መስመር በታች የሆነውን ሁሉ ይዘጋል። በአማርኛ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ ብለን የምንጽፈው ድምጽ አየር ብቻ ነው፤ የድምጽ ጅማት አይንቀጠቀጥበትም። ከፍታው ከትንፋሽ ጋር ይቀራረባል። ጌቱ ሐን ትንፋሽ ነው ብሎ ዘጋው፣ ከዚያ አናባቢው ሲመጣ ተከፈተ። ሀገር “አገር” ይሆናል፤ ያኛውስ በንግግር የተለመደ ስለሆነ ያልፋል። ሐይቅ ግን አያልፍም። በ“ስ” እና በ“ፍ” የሚያልቁ ቃላትም ጭራቸው ይቆረጣል። ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚለው መጨረሻው ላይ ያለችው ስ ግማሿ ሄዳ ነበር።

ጌትን የግድ መጠቀም ካለባችሁ ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ አታድርጉት። 6 ወይም 8 ዴሲቤል ብቻ እንዲቀንስ አድርጉት፤ ሲዘጋም ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ስጡት። እንደዚያም ሆኖ በሀ የሚጀምሩትን ቃላት አንድ በአንድ ስሙ።

ትንፋሹ ከሀ ጋር ተጣብቆ ከሆነ የቱ ላይ ነው የሚለያየው?

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከአካላችን ነው የሚመጣው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ የሚገባ አየር ነው። ሀ ወደ ውጭ የሚወጣ አየር ነው። አየሩ አቅጣጫ ለመቀየር ለአንድ አፍታ መቆም አለበት። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ትንሽ ረገብ ያለች ቦታ አለች። በሞገዱ ላይ ጎላ አድርጋችሁ ካያችሁ እንደ ወገብ ቀጠን ብላ ትታያለች። መቁረጫው እሷ ናት።

በሞገዱ ላይ ካላገኛችኋት እይታውን ወደ `Spectrogram` ቀይሩት፤ ወፍራሙን ድምጽ ከታች፣ ቀጭኑን ከላይ አድርጎ ለይቶ ያሳያችኋል። ሀ ስንል አፋችን ለሚከተለው አናባቢ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ የአናባቢው ደማቅ አግዳሚ መስመሮች በሀው ውስጥ ደብዘዝ ብለው ይጀምራሉ፤ ሳይቋረጡም ወደ አናባቢው ይገባሉ። ትንፋሹ ግን የራሱ ቅርጽ አለው፤ መስመሮቹ ከአናባቢው ጋር አይገጥሙም። የሐይቅን ሐ ያገኘሁት እንዲህ ነው። ከሷ በፊት ያለውን ብቻ በ9 ቀነስኩ። ሐ ተመለሰች።

የአፍ ጠቅታ ምንድን ነው? እንዴትስ አገኘዋለሁ?

አፍ ሲደርቅ ምራቅ ይወፍራል። ምላስ ከላንቃ፣ ከንፈር ከከንፈር ይጣበቅና ሲላቀቅ ጠቅ ይላል። ማይክሮፎን ቀረብ ብሎ ከተቀመጠ ይህን ሁሉ ይሰማል። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ነው። በስፔክትሮግራም ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰመረች ቀጭን ቀጥ ያለች ክር ትመስላለች። አንድ ጊዜ ካወቃችኋት በኋላ ሳትሰሙ በዓይን ብቻ ትለቅሟታላችሁ።

የሚገኝባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ተራኪው አፉን ሊከፍት ሲል፣ ከትንፋሹ ቀድሞ፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ፣ እንዲሁም በለ እና በነ ዙሪያ ምላስ ከላንቃ ስትላቀቅ። የሚያስቸግሩት በአናባቢ መሃል የሚገቡት ናቸው።

ጠቅታ ማጥፊያውን በሙሉ ፋይሉ ላይ ብለቀውስ?

እኔም ብዬ ነበር። ሐን ከመለስኩ በኋላ በዚያው ሌሊት ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። ኦዳሲቲ ውስጥ `Click Removal` የሚባል አለ። በዋናነት የተሠራው ለድሮ ሸክላ ቅጂዎች ጭረት ነው። ሲከፈት `Threshold` 200 ላይ፣ `Max Spike Width` 20 ላይ ይቆማል። `Threshold` ሲያንስ ይበልጥ ይጨክናል። አንዳንድ ጠቅታ አልለቅ ሲለኝ ወደ 80 አወረድኩትና ለቀቅኩት። ጠቅታዎቹ ጠፉ። ሳዳምጠው ግን መምህሩ ደክሟቸው የሚያነቡ መሰለ። ሐይቅ “ሐይክ” ወደሚለው ተጠግቷል። የእስጢፋኖስ ጢም ለስልሳ “ቲ” ልትሆን ምንም አልቀራት።

ይህ በእንግሊዝኛ ትረካ ላይ ተመሥርተው የተዘጋጁ መመሪያዎች የማይነግሯችሁ የእኛ ጉዳይ ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ ስንል ጉሮሯችንን እንዘጋለን፤ አፋችንንም በምላስ ወይም በከንፈር እንዘጋለን። በመካከል የታመቀው አየር ሲለቀቅ ጠንከር ብሎ ይፈነዳል። ፍንዳታው አጭር ነው። ከሱ በፊት ጸጥታ አለ። ከሱ በኋላም አናባቢው እስኪጀምር ድረስ ሌላ ትንሽ ጸጥታ አለ። አሁን እንደ ማሽኑ አስቡ። በጸጥታ የተከበበ አጭርና ስለታም ድምጽ ምንድን ነው? ጠቅታ ነዋ! ማሽኑ አማርኛ አያውቅም። ቀ የምትለዋን ድምጽ ጠረግ አድርጎ ይወስዳታል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ በነዚህ ፊደላት ላይ የተሠራ የቦታ ስም ሞልቷል። ጦሳ፣ ጢጣ፣ ቆቦ፣ ሐይቅ። በዘጋቢ ፊልም ውስጥ በየደቂቃው ይጠራሉ። የአገሩ ሰው ስሙ ሲበላሽ ወዲያው ይሰማዋል።

ታዲያ እውነተኛውን ጠቅታ ከቀ ወይም ከጠ በምን እለየዋለሁ?

በቦታው ነው የምትለዩት። የቀ ፍንዳታ ከአናባቢው ጋር ቀጠሮ አለው። በቅጂው ውስጥ ተራኪው ሌላ ቦታ ላይ ያለውን ቀ ፈልጉና ከፍንዳታው እስከ አናባቢው መጀመሪያ ያለውን ርቀት እዩ። አንድ ሰው ሲናገር ያ ርቀት ብዙም አይለዋወጥም። ጠቅታ ቀጠሮ የለውም፤ የትም ይወድቃል። ከዚያ ደግሞ ፍንዳታው ወፈር ያለ ነው፤ በስፔክትሮግራም ላይ እንደ ክር ሳይሆን እንደ ዘንግ ይታያል። አንዳንዴ ሁለቱም ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ቀ ከመፈንዳቷ በፊት ባለው ጸጥታ ውስጥ ምራቅ ጠቅ ትላለች። ያኔ ሁለት መስመር ታያላችሁ። የመጀመሪያዋን ቀጭኗን አንሱ፣ ሁለተኛዋን ተዉ።

የተከፈለበት ፕሮግራም ያላችሁ ሰዎች፣ አይዞቶፕ አር ኤክስ ውስጥ `Mouth De-click` አለ። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ስለሆነ ከሸክላ ማጽጃው በጣም ይሻላል። እሱም ግን ሲጨክን ይሳሳታል። እዚያ ላይ `Output clicks only` የሚል ምርጫ አለ። ሲጫኑት የሚወጣውን ነገር ብቻ ያሰማችኋል። ይህን ሳትሰሙ አትለፉ። ዝም ብሎ የተበታተነ ጠቅ ጠቅታ ከሰማችሁ ደህና ነው። የንግግሩ ምት ከተሰማችሁ፣ ቃሉን ልትገምቱ ከቻላችሁ፣ ተነባቢዎቻችሁ እየሄዱ ነው። `Sensitivity` ቀንሱ።

በእጅ እንዴት ነው የሚነሳው?

ጠቅታው በቃላት መካከል ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ከዚያው ቅጂ፣ በአቅራቢያው ካለ ባዶ ቦታ እኩል ርዝመት ያለው የክፍሉን ድምጽ ቀድታችሁ ላዩ ላይ ለጥፉበት። ርዝመቱ እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ከኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። ከምስል ጋር የሚሄድ ትረካ ከሆነ ጣጣው ብዙ ነው።

በአናባቢ መሃል ከሆነ ኦዳሲቲ ውስጥ `Repair` አለ። ከጠቅታው ግራና ቀኝ ያለውን ሞገድ አይቶ መሃሉን ይሞላል። የሚቀበለው እስከ 128 ናሙና ብቻ ነው። በሰከንድ በ48000 ናሙና የተቀዳ ከሆነ ይህ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ በጣም አጉልታችሁ ጠቅታዋን ብቻ ያዙ። ግራና ቀኟ ጤነኛ ሞገድ መኖር አለበት፤ እሱን አይቶ ነውና የሚሞላው።

ጠቅታው ከዚያ ከረዘመ ሌላ ዘዴ አለ። አናባቢ የሚደጋገም ሞገድ ነው። የወንድ ድምጽ በሰከንድ 120 ጊዜ ያህል ከተደጋገመ አንዱ ዙር 8 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ጠቅታው ያረፈበትን አንድ ሙሉ ዙር፣ ከዜሮ ማቋረጫ እስከ ተመሳሳይ ዜሮ ማቋረጫ ይዛችሁ ቁረጡት። ከብዙ ዙሮች አንዷ ብትጎድል ጆሮ አይቆጥርም። ግማሽ ዙር ከቆረጣችሁ ግን በጠቅታው ፈንታ ሌላ ጠቅታ ትተክላላችሁ።

በሰ፣ በሸ ወይም በፈ ላይ የወደቀን ጠቅታ እኔ ብዙ ጊዜ እተወዋለሁ። ተነባቢው ራሱ ይሸፍነዋል። በዓይን ይታያል፣ በጆሮ ግን አይሰማም። በዓይን የታየን ሁሉ ማጥፋት በሽታ ነው፤ እኔም ለመተው ጊዜ ወስዶብኛል።

ሦስት ደቂቃውን በስንት ሰዓት ጨረስከው?

በመጨረሻ ሁለቱንም ስህተት ጥዬ ከዋናው ቅጂ እንደገና ጀመርኩ። 34 ትንፋሽ ነበር። 5ቱን አልነካኋቸውም። 26ቱን ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ቀነስኩ። 3ቱን አወጣኋቸው፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ። ጠቅታ 50 ያህል ለየሁ፤ ከነሱ ውስጥ ያነሳሁት 30ውን ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ጌቱን አስገብቼ፣ አውጥቼ፣ ጠቅታ ማጥፊያ አስገብቼ፣ ደግሞ አውጥቼ ካጠፋሁት ጊዜ ያነሰ ነው።

ትንፋሽ ጨርሶ የሚወጣበት ጊዜ የለም ማለት ነው?

አለ። ዋናው ድርብ ትንፋሽ ነው። ተራኪው ተሳስቶ ዓረፍተ ነገሩን ሲደግም ሁለት ንባብ እንቀጥላለን። የመጀመሪያው ንባብ በትንፋሽ ያልቃል፣ ሁለተኛው በትንፋሽ ይጀምራል። ሲገጣጠሙ ሰውየው ሁለት ጊዜ በተከታታይ አየር ይስባል። ሳያስወጣ ሁለቴ የሚስብ ሰው የለም፤ አድማጩ ቅጥያውን ወዲያው ያውቀዋል። አንዱን አውጡ። የሚቀረው ከሚከተለው ቃል ጋር አብሮ የተቀዳው ይሁን፤ ጥንካሬው የሚገጥመው ከሱ ጋር ነው። ባወጣችሁት ቦታ ላይ የክፍሉን ድምጽ አልብሱት። ከሐይቁ ትረካ ያወጣኋቸው ሦስቱ እንደዚህ ያሉ ነበሩ።

ከመጀመሪያው ቃል በፊትና ከመጨረሻው ቃል በኋላ ያለውም ይወጣል።

ጠቅታው እንዳይመጣ ከቀረጻ በፊት ምን ይደረግ?

ውኃ። ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ መጎንጨት ብዙ አይጠቅምም፤ ቀረጻው ሁለት ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ቀስ እያሉ መጠጣት ነው የሚያረጥበው። ወሎ ላይ ደግሞ ቡና ሳይጠጡ ሥራ መጀመር ከባድ ነው፤ አቦል ቶናውን ጠጥተው የመጡ ተራኪ አፋቸው ደርቆ ይመጣል። ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ምራቅን ያጣብቃል። ጫት የቃመ ሰው ከሆነ በዚያን ቀን አለመቅዳት ይሻላል፤ አፍ ማድረቁ የታወቀ ነው።

ጾምን አስቡበት። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ተራኪ ብትጠሩ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ያልቀመሰ አፍ ነው የምትቀዱት፤ ኤዲቱ እጥፍ ይሆናል። ከአፍጥር በኋላ ቅዱ። በዐቢይ ጾምም ሳይበሉ ሳይጠጡ የሚቆዩ አሉና ጠይቃችሁ ቀጠሮ ያዙ።

አረንጓዴ ፖም መግመጥ ይረዳል፤ ኮምጠጥ ያለው ጭማቂ ምራቅን ያቀጥናል። ፖም ካልተገኘ ውኃ ላይ ጥቂት ሎሚ ጠብ ማድረግ እኔ ጋ ሠርቷል። ማይክሮፎኑን ደግሞ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፤ ከአፍ ትይዩም አታድርጉት፤ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። ትንፋሹም ጠቅታውም ከምንጩ ይቀንሳል። በጣም ካራቃችሁት ግን የክፍሉ ነጸብራቅ ይገባል።

ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታስ?

ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ይህን መልስ ካላወቃችሁ አትሠሩም። ሲያካፋ የተቀዳ ትረካ ውስጥ ትንፋሹን በ9 ስትቀንሱ ዝናቡም አብሮ በ9 ይወርዳል። ዝናቡ በየትንፋሹ ቆም ቀጠል ይላል። ይህ ከትንፋሹ ይልቅ ያስጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ። ካልሆነ ደግሞ ትንፋሹን ከ3 ወይም ከ4 በላይ አትቀንሱት። ባዶ የክፍል ድምጽም ከዚያው ንባብ፣ ከዚያው ደቂቃ ውሰዱ። ከአሥር ደቂቃ በፊት የተቀዳው ሌላ ዝናብ ነው።

በደህናው ቀንም ቢሆን እያንዳንዱ ቀረጻ ሲጀምር 30 ሰከንድ ዝም ብላችሁ ቅዱ። ተራኪው እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጥ።

ድምጹ ተፈጥሯዊ ሆኖ መቆየቱን በምን አረጋግጣለሁ?

ስክሪኑን አጥፉት። ሞገዱን እያያችሁ ከሰማችሁ ጆሮ ሳይሆን ዓይን ነው የሚፈርደው። አንድ ጊዜ በሄድፎን፣ አንድ ጊዜ በስልክ ድምጽ ማውጫ ስሙት። በሄድፎን ጉድጓዶቹ ይሰማሉ። በስልክ ደግሞ የተበሉት ተነባቢዎች ይታወቃሉ፤ ስልክ ወፍራሙን ድምጽ ስለማያወጣ ቃሉን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ፈተና ጽሑፉን ላላየ ሰው ማሰማትና የቦታና የሰው ስሞችን እንዲጽፍ መጠየቅ ነው። እኔ የመጨረሻውን ቅጂ ለጎረቤቴ ልጅ አሰማኋት። “ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ” ብላ ጻፈች። ሐዋም፣ ቅዋም፣ ጢዋም በቦታቸው ነበሩ።

ዋናውን ቅጂ ላስቀምጠው ወይስ ካጸዳሁ በኋላ ልሰርዘው?

አስቀምጡት። ሳይነካ፣ በዋቭ፣ በሌላ ፎልደር። የተበላች ሐ ከጸዳው ፋይል ላይ አትመለስም። ያን ሌሊት ያልተነካው ቅጂ ባይኖረኝ ኖሮ መምህሩን እንደገና ከቤታቸው አውጥቼ፣ በብርድ፣ ዳገቱን አስወጥቼ ላስነብባቸው ነበር።